የ42 ሜትር የፍሳሽ መስመር፦ እኔ 24 ሜትር ኩብ እላለሁ፣ ቆፋሪው 46 ይላል

አዲስ_ገንቢ

ሰላም ለቤቱ። ከቤቴ ወጥቶ ወደ ነባሩ ማንሆል የሚገባ የፍሳሽ መስመር ላስቀብር ነው። በሁለቱ ማንሆሎች መካከል፣ ከውስጥ ግድግዳ እስከ ውስጥ ግድግዳ፣ 42 ሜትር አለ። ቱቦው 160 ሚሊ ፒቪሲ ነው፤ የአንዱ ርዝመት 6 ሜትር። ስሎፑ 1 ለ 60 ነው። ሁለቱም ማንሆሎች ተሠርተው ስላለቁ እሱን መነካካት አይቻልም። ላይኛው ማንሆል ጋ የቱቦው ወለል ከመሬት 60 ሳንቲም ይወርዳል፣ ታችኛው ጋ 1.30 ሜትር። የቦዩ ስፋት 60 ሳንቲም ነው።

ያሰላሁት እንዲህ ነው። ቱቦ፦ 42ን ለ6 ሳካፍል 7። ቁፋሮ፦ የ60 ሳንቲምና የ1.30 አማካይ 95 ሳንቲም ነው፤ በስፋቱና በርዝመቱ ሳባዛው 23.94 ሜትር ኩብ መጣ። ጠጠር፦ ከቱቦው ሥር 10 ሳንቲም ሲነጠፍ 2.52 ሜትር ኩብ።

ቆፋሪው ግን ቦታውን አይቶ «ከ46 አያንስም» አለኝ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሊበላኝ ነው ወይስ የዘለልኩት ነገር አለ?

ሂሳብ_ወዳጅ

አንድ ነገር ዘለሽ ነበር። ቱቦው የሚተኛው በስሎፕ ላይ ነው፣ 42 ሜትሩ ግን አግድም ርቀት ነው። ስለዚህ ርዝመቱ ከ42 ይበልጣል። የሦስት ማዕዘን ሂሳብ ነው፤ አግድሙን በራሱ፣ ዝቅታውን በራሱ አባዝተሽ ደምሪና ስኩዌር ሩት አውጪለት። ቱቦም ቁፋሮም የሚጨምርብሽ ከዚያ ነው።

ጋሽ_ቦይ

ሂሳብ ወዳጅ፣ መንገዱ ልክ ነው፤ ግን ጨርሰህ አስላው እስቲ። 42 ለ60 ሲካፈል ዝቅታው 70 ሳንቲም ነው። ሩቱን ስታወጣ 42.006 ሜትር ይመጣል። የጨመረው 6 ሚሊ ነው! ቱቦው ሲቆረጥ የመጋዙ ጥርስ ከዚያ ብዙም ያልተናነሰ ይበላል። በፍሳሽ መስመር ስሎፕ ቱቦ አያስረዝምም። ስሎፕ የሚጨምረው ጥልቀት ነው፤ ገንዘቡም ያለው እዚያ ነው።

አዲስ ገንቢ፣ ልጄ፣ ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛ፣ ሁለቱ ማንሆሎች መካከል መሬቱ ልሙጥ ነው ወይስ የሚነሳና የሚወርድ ቦታ አለው? ሁለተኛ፣ 6 ሜትር ያልሽው ሶኬቱን ጨምሮ ነው? ሦስተኛ፣ ቆፋሪው ቦዩን ቀጥ አድርጎ ነው የሚቆፍረው ወይስ ጎኖቹን አጋድሞ?

መንገደኛ

ስሎፑን ለምን 1 ለ 20 አታደርጊውም? ፍሳሹ ቶሎ ይሄዳል፣ ቱቦውም አይደፈንም። 1 ለ 60 በጣም ለጥ ያለ ነው።

አዲስ_ገንቢ

መንገደኛ፣ ስሎፑ ተቆርጦ ያለቀ ነገር ነው። በ1 ለ 20 ቢሆን ዝቅታው 2.10 ሜትር ይሆን ነበር፤ ታችኛው ማንሆል ግን በ70 ሳንቲም ነው የሚጠብቀኝ።

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። መሬቱ ሁለቱ ጫፎች ላይ እኩል ነው። መሃል ላይ፣ 21ኛው ሜትር አካባቢ፣ ጉብ ይላል። በጎማ ውሃ ልክ ስንለካው ከጫፎቹ 30 ሳንቲም ከፍ ይላል። 6 ሜትሩ ሶኬቱን ጨምሮ ነው። የጎኖቹን ነገር አልጠየቅኩትም።

ሂሳብ_ወዳጅ

6 ሚሊዋን ተቀብያለሁ፣ ጋሼ። ግን ጉብታው ምን ለውጥ ያመጣል? ጫፍና ጫፉ እኩል ከሆነ አማካዩ ያው አማካይ ነው።

ጋሽ_ቦይ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። የሁለት ጫፍ አማካይ የሚሠራው መሬቱም ቱቦውም በመካከል ቀጥ ያለ መስመር ከሆኑ ብቻ ነው። ቱቦው ቀጥ ያለ ነው፤ ስሎፑ አንድ ስለሆነ የትም ቦታ ወለሉ ስንት ላይ እንዳለ ታውቃለህ። መሬቱ ግን ቃል አልገባልህም። ጉብታው ላይ ቱቦው ከመሬቱ ጋር አብሮ አይነሳም፣ ወደ ታች መውረዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ጥልቀቱ እዚያ በ30 ሳንቲም ይጨምራል።

አሁን ከሥር እንጀምር። ልጄ የለካችው እስከ ቱቦው ወለል ነው፣ ቦዩ ግን የሚቆፈረው እስከ ጠጠሩ ሥር ነው። በሁሉም ቦታ 10 ሳንቲም ጨምሪ። (የቱቦውን ግድግዳ ውፍረት ትቼዋለሁ፤ ጥቂት ሚሊ ናት።) ጥልቀቱ ላይኛው ጫፍ ጋ 70 ሳንቲም፣ ታችኛው ጋ 1.40 ይሆናል። መሃሉ ላይ ጉብታ ባይኖር 1.05 ነበር፤ ከጉብታው ጋር 1.35 ነው። መስመሩን ጉብታው ላይ ለሁለት ቆርጠሽ እያንዳንዱን ለብቻው አስይው፦

```
0–21:   0.60 × (0.70 + 1.35) ÷ 2 × 21 = 12.92
21–42:  0.60 × (1.35 + 1.40) ÷ 2 × 21 = 17.33
                                 ድምር ≈ 30.24
```

ከ24 ወደ 30 ሄደናል። 2.52 ሜትር ኩቡ የጠጠሩ ቦታ ነው፣ 3.78 የጉብታው። ቆፋሪሽ እስካሁን አልዋሸም ማለት ነው። መሬቱ ሌላ ቦታም የሚሰበር ከሆነ እዚያም ቁረጪ። በየ5 ሜትሩ መለካት አያስፈልግም፤ ሜዳው አቅጣጫ የሚቀይርበት ቦታ ላይ መለካት ነው ዋናው።

ዝናብ_መጣ

ይቅርታ ጣልቃ ልግባና፣ እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። ከጣሪያ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ የሚወስድ ቱቦ አለኝ። ከተቀበረ ወዲህ መሃሉ ላይ ውሃ ያቁራል። ሠራተኛው ስሎፑን ጠብቄያለሁ ብሎ ምሏል። ስንት ጠጠር ቢጨመርበት ይስተካከላል?

ጋሽ_ቦይ

ዝናብ መጣ፣ ከተቀበረ በኋላ ጠጠር ከላይ ቢጨመርበት አይነሳም። ጫፍና ጫፉ ትክክል ሆኖ መሃሉ ከረገበ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከመጠን በላይ ተቆፍሮ በላላ አፈር የተሞላ ቦታ ነው። አፈሩ ቀስ ብሎ ይሰምጣል፣ ቱቦውም ይከተለዋል። ከአንዱ ማንሆል የእጅ ባትሪ አብራ፣ ከሌላው በመስታወት ተመልከት። ሙሉ ክብ ብርሃን ካየህ ቀጥ ያለ ነው። ግማሽ ጨረቃ ከመሰለህ የረገበ ወይም የተጣመመ አለ። ውሃ ያቆረውን ቦታ ለይተህ ከፍተህ ከሥር መሥራት ነው ያለው።

አዲስ ገንቢ፣ ይሄ ላንቺም ይሠራል። ቆፋሪው በስህተት 15 ሳንቲም ዝቅ ብሎ ቢቆፍርብሽ፣ ያወጣውን አፈር መልሶ እንዲሞላው አትፍቀጂ። በጠጠር ይሞላ። ኤክስካቫተር ከሆነ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሳንቲሞች በእጅ እንዲጨርሱት አድርጊ፤ የባልዲው ጥርስ ወለሉን ያላላዋል።

ጠጠሬ

ስለ ጠጠር ከተነሳ፣ 2.52 ሜትር ኩብ አይበቃሽም። ያ ከሥር የሚነጠፈው ብቻ ነው። ጎንና ጎኑስ? ፒቪሲ ተጣጣፊ ቱቦ ነው። ጎኑን የሚይዘው ነገር ከሌለ ከላይ ሲጫነው ወደ ጎን ይለጠጣል፣ ክብ መሆኑ ይቀርና ሞላላ ይሆናል። እኔ ሁልጊዜ ከቱቦው ጀርባ 10 ሳንቲም በላይ ድረስ በጠጠር አለብሰዋለሁ። ከሥር 10፣ ቱቦው 16፣ ከላይ 10፣ ድምሩ 36 ሳንቲም። በ60 ሳንቲም ስፋትና በ42 ሜትር ስታባዢው 9.07 ሜትር ኩብ። ቱቦው ራሱ የሚይዘውን 0.84 ቀንሺለት፣ 8.23 ይቀርሻል። ሲጠቀጠቅ የሚገባውንና የሚባክነውን አስቢና 9 ሜትር ኩብ እዘዢ።

ውሃልክ

ጠጠሬ ትንሽ ያበዛዋል። ጠጠሩ እስከ ቱቦው ወገብ ከደረሰ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ድንጋይ የሌለበት የተመረጠ አፈር በስስ በስሱ እየጠቀጠቁ መሙላት ይቻላል። ከሥር 10፣ ግማሽ ቱቦ 8፣ በድምሩ 18 ሳንቲም። ሂሳቡ 4.54 ነው፤ የቱቦውን ግማሽ 0.42 ስትቀንሺ 4.11 ሜትር ኩብ ይመጣል። ግማሽ በግማሽ ነው ልዩነቱ።

ጠጠሬ

«የተመረጠ አፈር» በወረቀት ላይ ነው ያለው። ሜዳ ላይ ሠራተኛው ከክምሩ ያገኘውን ነው የሚዝቀው። ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ቱቦው ላይ አርፎ ስንት ጊዜ ከፍቼ አይቻለሁ። ጠጠር ግን በአካፋ ጎንና ጎኑን ጎሰም ጎሰም ካደረግከው ራሱ ቦታውን ይይዛል።

ውሃልክ

ተቆጣጣሪ ካለ አፈሩም ይመረጣል። ተቆጣጣሪ ከሌለማ ጠጠሩስ በልኩ ይነጠፋል?

ጋሽ_ቦይ

ሁለታችሁም የምትሉት ይሠራል። የአፈሩ ዓይነት ይወስነው። ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲርስ የሚያብጥ ጥቁር አፈር ከሆነ እኔ ከጠጠሬ ጋር ነኝ፤ እንዲህ ያለ አፈር ቱቦውን እንዲነካው አልፈልግም። ጠጠሩ ደግሞ ደቃቅ ይሁን፣ ከ5 እስከ 10 ሚሊ። ትልልቁ ጠጠር ቱቦውን በነጥብ በነጥብ ነው የሚደግፈው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሶኬቱ ከቱቦው አካል ይወፍራል። ጠጠሩን አስተካክለሽ ቱቦውን ዝም ብለሽ ካስተኛሽው፣ ሶኬቶቹ ላይ ተንጠልጥሎ መሃሉ አየር ላይ ይቀራል። አፈሩ ሲጫነው ያን ጊዜ ይጎብጣል። በእያንዳንዱ ሶኬት ቦታ ጠጠሩን በእጅ ጎድጎድ አድርጎ ማውጣት ነው። ሶኬቱ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ የቱቦው አካል ሙሉ በሙሉ ጠጠሩ ላይ ያርፋል። ለማረጋገጥ ጣትሽን በቱቦውና በጠጠሩ መካከል ስደጂ። ከገባ ተንጠልጥሏል።

አዲስ_ገንቢ

ይሄን ማንም አልነገረኝም። የሶኬት ነገር ከተነሳ፣ 7 ቱቦ ልክ ነው ወይስ አይደለም?

ጋሽ_ቦይ

አይደለም። አንዱ ቱቦ ሌላው ሶኬት ውስጥ ይገባል፤ የገባው ያህል ርዝመት ታጫለሽ። የምትገዢውን ቱቦ ሶኬት በሜትር ለኪው። 11 ሳንቲም ጥልቀት አለው እንበል። ቱቦው በሙቀት የሚረዝምበት ቦታ እንዲኖረው መጨረሻ ድረስ አስገብተሽ 1 ሳንቲም ያህል መልሰሽ ትስቢዋለሽ። ስለዚህ በየመገጣጠሚያው 10 ሳንቲም ይጠፋል። 7 ቱቦ 6 መገጣጠሚያ አለው፣ 60 ሳንቲም ማለት ነው። 42 ሲቀነስ 0.60፣ 41.40 ሜትር። ማንሆሉ ሳይደርስ 60 ሳንቲም ጎደለሽ።

8 ቱቦ ግዢ። ስምንተኛው ሙሉውን አይባክንም። ማንሆሎቹ አጠገብ አጭር ቁራጭ ማስገባት ጥሩ ነው። ማንሆሉና ቦዩ እኩል አይሰምጡም፤ አንዱ ከሌላው ትንሽ ቢወርድ መገጣጠሚያው ይታጠፋል እንጂ ቱቦው አይሰበርም። ቁራጩ ሶኬት ከሌለው ሁለት አፍ ያለው ማያያዣ ያስፈልግሻል። ለሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ያዢ።

ሥራውን ከታችኛው ማንሆል ጀምሩ፣ ሶኬቶቹ ወደ ላይኛው ይመልከቱ። ከላይ ከጀመራችሁ በስሎፑ መጨረሻ የተረፈው ስህተት ሁሉ ታችኛው ማንሆል ጋ ተጠራቅሞ ይጠብቃችኋል። እዚያ ደግሞ ወለሉን ዝቅ ማድረግ አይቻልም።

ሂሳብ_ወዳጅ

ስሎፑን ለመጠበቅ ቀላል ዘዴ አለ። 1.20 ሜትር ውሃ ልክ ይያዝ። 120 ሳንቲም ለ60 ሲካፈል 2 ሳንቲም ነው። በውሃ ልኩ አንድ ጫፍ ሥር 2 ሳንቲም እንጨት በምስማር ይመታ። ያ ጫፍ ወደ ታች በሚወርደው በኩል ሆኖ ቱቦው ላይ ሲቀመጥ አረፋዋ መሃል ከገባች ስሎፑ ትክክል ነው።

ውሃልክ

አንድ ቱቦ ለማየት ጥሩ ነው። 42 ሜትር በእሱ ብቻ ከሄዱ ግን ጉድ ነው። 35 ጊዜ ማስቀመጥ አለብህ። በየጊዜው ወደ አንድ ወገን 2 ሚሊ ብትሳሳት 7 ሳንቲም ይሆናል፤ ከጠቅላላው ዝቅታ አንድ አሥረኛው። ሁለቱ ጫፎች ላይ ችካል ተክሎ፣ የቱቦውን ወለል ከፍታ አስልቶ ሲባጎ መወጠር ይሻላል። ሲባጎውም መሃል ላይ ይረግባል፣ ስለዚህ በየ10 ሜትሩ ችካል ይጨመር። ሌዘር ካለማ ግልግል ነው። የውሃ ልኩን እንጨት ለማጣሪያ ተጠቀሙበት።

አዲስ_ገንቢ

ቆፋሪውን ደውዬ ጠየቅኩት። ጎኖቹን ያጋድማል። በአንድ ሜትር ጥልቀት በየጎኑ 25 ሳንቲም እየወጣ ነው የሚሄደው። «አፈሩ ይናዳል» ይላል።

ጋሽ_ቦይ

አለቀ፣ 46ቱ ተገኘ። ጎን ሲጋደም ስፋቱ ከጥልቀቱ ጋር ያድጋል። 70 ሳንቲም ጥልቀት ያለው ቦታ ላይ የቦዩ የፊት ስፋት 0.54 ሜትር ካሬ ነው። 1.35 ላይ 1.27፣ 1.40 ላይ 1.33። በሁለቱ 21 ሜትሮች አማካዩን አባዝተሽ ስትደምሪው 46.24 ይመጣል። ሰውየው ልምድ አለው፤ ዝም ብሎ አልተናገረም።

ግን አንድ መደራደሪያ አለሽ። ከወለሉ እስከ ጠጠሩ አናት ያለው 36 ሳንቲም ቀጥ ብሎ ይቆፈር፤ ማጋደሉ ከዚያ በላይ ይጀምር። ቁፋሮው ወደ 38.5 ሜትር ኩብ ይወርዳል። ትልቁ ጥቅም ግን ቁፋሮው ላይ አይደለም። ከሥሩ ጀምሮ ከተጋደመ ጠጠሩም የሰፋውን ቦታ መሙላት አለበት፤ 8.23 የነበረው 9.6 ይሆናል። ቱቦው ላይ የሚያርፈው ጭነትም በአብዛኛው የሚወሰነው በቱቦው ጀርባ ትክክል ባለው የቦይ ስፋት ነው። እዚያ ጠባብ ከሆነ ይሻላል።

መንገደኛ

ቀጥ አድርጎ ሙሉውን ቢቆፍረውስ? 30 ነው ብላችኋል።

ጋሽ_ቦይ

ከጉብታው በኋላ ያለው ሁሉ ከ1.35 በላይ ነው። ሰው ጎንበስ ብሎ ሶኬት ሲገጥም ራሱ ከመሬት በታች ነው የሚሆነው። በእንጨት ከተደገፈ ይቻላል። ያለ ድጋፍ ግን ለ8 ሜትር ኩብ ብዬ ሰው አላስገባም።

ጠጠሬ

የሚወጣውን አፈርም አስቢበት። 38.5 ተቆፍሮ ሲወጣ ይላላል፤ ሩብ ያህል ጨምሪበትና ወደ 48 ይሆናል። የሚከመርበት ቦታ አለሽ? ከቦዩ አፍ ራቅ ተደርጎ ይከመር፤ አፋፉ ላይ ከተቆለለ ጎኑን ይንደዋል። ተመልሶ የማይገባው ጠጠሩና ቱቦው የያዙት 9 ሜትር ኩብ ነው። ሲላላ ከ11 በላይ፤ ለእሱ ገልባጭ ትፈልጊያለሽ።

ውሃልክ

በወገብ ልክ ጠጠር ከሆነ የሚጫነው አፈርም ያንሳል። አሁንም እላለሁ።

አዲስ_ገንቢ

ከቆፋሪው ጋር ተነጋገርን። ከሥር 36 ሳንቲሙን ቀጥ አድርጎ ለመቆፈር ተስማማ፤ «ውሃ ካልወጣብኝ» የሚል ነገር ግን አስገብቷል። 8 ቱቦና 2 ማያያዣ አዝዣለሁ። ጠጠሩን ገና አልወሰንኩም። አፈሩን ቆፍሬ ልየው ብያለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ላይኛው ጫፍ ላይ ከቱቦው ጀርባ እስከ መሬት የሚቀረው 44 ሳንቲም ብቻ ነው። መኪና በዚያ ያልፋል።

ጋሽ_ቦይ

የመኪናው መንገድ መስመሩን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ብቻ፣ ከጠጠሩ በላይ ብረት ያለው የኮንክሪት ንጣፍ ይሁን። ጫፎቹ ከቦዩ ወጥተው ባልተነካ መሬት ላይ ይረፉ እንጂ በቦዩ ሙሌት ላይ አይደለም። ኮንክሪቱ ቱቦውን አይንካ። ስንት ሜትር ነው የሚያቋርጠው?